ኢንሹራንሱ ዝም ብሎኛል፣ ለእንባ ጠባቂ ላመልክት?

ጥያቄ፦ ጠበቃ እንደምን ሰነበቱ። ቤቴ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ሳሎን ያለው እቃ በሙሉ ተበላሸብኝ። ኢንሹራንስ ስላለኝ ወዲያው አመለከትኩ፣ ገማች መጥቶ ፎቶ አንስቶ ሄደ። ከዛ በኋላ ዝም። ስደውል "እየታየ ነው" ይሉኛል፣ ኢሜይል ስልክላቸው ደግሞ አውቶማቲክ መልስ ብቻ ነው የሚመጣው። ስድስት ወር ሊሆነኝ ነው። አሁን ጉዳዩን ወደ እንባ ጠባቂ ወይም አደራዳሪ ቢሮ ልወስደው ነው። ማመልከቻውን እንዴት ልጻፍ? ይቀበሉኛል?

መልስ፦ እህቴ በቤትሽ ለደረሰው አዝናለሁ። ግን በቀጥታ ልንገርሽ፣ ማመልከቻውን ዛሬ ብታስገቢ በኔ ግምት "መጀመሪያ ለድርጅቱ ቅሬታ አቅርቢ" ብለው ይመልሱሻል። ይህን የምለው ከጻፍሽው ይልቅ ያልጻፍሽውን አይቼ ነው። አመለከትኩ ብለሻል፣ ደወልኩ ብለሻል፣ ኢሜይል ላክሁ ብለሻል፣ ቅሬታ አቀረብኩ ግን የትም ቦታ ላይ አላልሽም።

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ። የካሳ ጥያቄ (ክሌም የምትሉት) እና ቅሬታ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ክሌም ማለት "ጉዳት ደርሶብኛል በውላችን መሰረት ክፈሉኝ" ነው፣ ቅሬታ ማለት ደግሞ "ክሌሜን የያዛችሁበት መንገድ ትክክል አይደለም፣ አስተካክሉልኝ" ነው። በብዙ ድርጅት ሁለቱን የሚያዩት ሰዎች ራሱ አንድ አይደሉም፣ ኮል ሴንተር ያለችው ልጅ ስትደውይላት የምታየው የክሌሙን ፋይል ነው፣ እሱም "በሂደት ላይ" ይላል፣ እሷም ያንኑ ታነብልሻለች። አንቺ ስልኩን ዘግተሽ "አመለከትኩ መልስ አጣሁ" ትያለሽ፣ እነሱ መዝገብ ላይ ግን ደንበኛዋ ስለ ፋይሏ ጠየቀች ተብሎ ነው የሚጻፈው። ስድስት ወር ሙሉ በዚህ ሁኔታ ብትደውዪ የቅሬታው ሰዓት አንድ ቀን እንኳ ላይቆጠርልሽ ይችላል።

የአደራዳሪ ቢሮው ደግሞ ፋይልሽን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ማን ትክክል ነው የሚለውን አይደለም። የሚያየው ድርጅቱ ቅሬታሽን አይቶ መልስ ለመስጠት እድል አግኝቷል ወይ የሚለውን ነው። እድሉ በጊዜ ይለካል፣ ጊዜው እንደ አገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ ለኢንሹራንስና ለመሰል የፋይናንስ ቅሬታዎች ባብዛኛው 8 ሳምንት ነው፣ አውስትራሊያ በመደበኛው 30 ቀን፣ ፈረንሳይ ባብዛኛው ሁለት ወር ተጠብቆ ነው ወደ አደራዳሪው የሚኬደው። እንግሊዝ ውስጥ በቃልም ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፣ ፈረንሳይ ግን በጽሁፍ መሆን አለበት። በቃል ይቻላል በሚባልበት ቦታም እኔ ለደንበኞቼ በጽሁፍ ካልሆነ አትቁጠሩት ነው የምላቸው፣ ምክንያቱም በስልክ ያልሽውን ማረጋገጥ ያለብሽ አንቺ ነሽ፣ የስልኩ ቅጂ ያለው ደግሞ እነሱ ጋ ነው።

አንድ ጥሩ ነገር ልንገርሽ፣ ቅሬታ ለማቅረብ ክሌምሽ ውድቅ እስኪደረግ መጠበቅ የለብሽም። መዘግየቱ በራሱ ቅሬታ ነው። ብዙ ሰው "ገና አልከለከሉኝም እኮ ምን ብዬ ልክሰስ" እያለ ነው ወራት የሚያቃጥለው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ለአደራዳሪው ሳይሆን ለድርጅቱ ነው የሚጻፈው። የውልሽን ፖሊሲ አውጪና የመጨረሻዎቹን ገጾች እይ፣ ባብዛኛው "የቅሬታ አቀራረብ" የሚል ክፍል አለው፣ አድራሻውም የትኛው ቢሮ ቀጥሎ እንደሚያየውም እዛ ይጻፋል። ይሄን የምልሽ በሌላም ምክንያት ነው፣ እንባ ጠባቂ የሚባለው ተቋም በብዙ አገር የመንግስት መስሪያ ቤት ላይ የሚቀርብ አቤቱታን ነው የሚያየው፣ የኢንሹራንስ ጉዳይ ለብቻው የተቋቋመ ቢሮ ሊኖረው ይችላል። የማይመለከተው ቢሮ ገብተሽ ወር እንዳታባክኚ።

ደብዳቤው ረጅም አይሁን። እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦

"ይህ መደበኛ ቅሬታ ነው። የፖሊሲ ቁጥሬ ይሄ፣ የክሌም ቁጥሬ ይሄ ነው። በዚህ ቀን ጉዳት አመለከትኩ፣ በዚህ ቀን ገማቻችሁ መጥቶ አየ። ከዛ ወዲህ ውሳኔም ሆነ የዘገየበት ምክንያት በጽሁፍ አልተሰጠኝም። የምጠይቀው በክሌሙ ላይ ውሳኔ እንዲሰጥ፣ ለተበላሹት እቃዎች በዝርዝሩ መሰረት እንዲከፈለኝ፣ ለመዘግየቱም እንድካስ ነው። የመጨረሻ መልሳችሁን በጽሁፍ ስጡኝ፣ ካልሆነ ጉዳዩን ወደሚመለከተው አደራዳሪ እወስዳለሁ።"

የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ቀልድ አይደለችም። "መደበኛ ቅሬታ" የሚለውን የኢሜይሉ ርዕስ ላይም ጻፊው፣ ክሌም ፋይል ውስጥ እንደ ተራ መልእክት እንዳይወረውሩት። በኢሜይል ከላክሽ በሪኮማንዴ ፖስታም ድገሚው፣ የተረከቡበትን ወረቀት አስቀምጪ፣ በዌብሳይታቸው ፎርም ከሞላሽ ደግሞ "ላክ" ከማለትሽ በፊትም በኋላም ስክሪንሾት ያዢ ምክንያቱም ፎርም ብዙ ጊዜ ለላኪው ቅጂ አያስቀርም።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ያልነገርሽኝ ነገር። ገማቹ ከሄደ በኋላ ምንም አልጠየቁሽም? ደረሰኝ፣ የእቃ ዝርዝር፣ የቧንቧ ሰራተኛው ሪፖርት ላኪ አላሉሽም? ልቆጣሽ ብዬ አይደለም ግን "አውቶማቲክ መልስ" ያልሽው ነገር አላማረኝም። ስንት ሰው ነው ቢሮዬ መጥቶ ዝም አሉኝ ብሎኝ ኢሜይሉን አብረን ስንከፍት "የሚከተሉትን ሰነዶች በ14 ቀን ውስጥ ካልላኩ ፋይልዎ ይዘጋል" የሚል ከታች በትንሽ ፊደል የምናገኘው። ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ ስፓሙንም ጨምሮ ከድርጅቱ የመጣውን ሁሉ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቢ። ሶስት ነገር ፈልጊ፦ ሰነድ የሚጠይቅ፣ ፋይሉ ተዘግቷል የሚል፣ እና ከሁሉም በላይ "ይህ የመጨረሻ መልሳችን ነው" የሚል።

የመጨረሻ መልስ የሚለው ካለ ሌላ ሰዓት መቁጠር ጀምሯል ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከዛ ደብዳቤ ቀን ጀምሮ ባብዛኛው ስድስት ወር ነው ያለሽ፣ አውስትራሊያ በመደበኛው ሁለት ዓመት። ፈረንሳይ ደግሞ አደራዳሪው ለድርጅቱ በጽሁፍ ቅሬታ ካቀረብሽበት ቀን አንድ ዓመት ካለፈ ጉዳዩን አላይም ሊል ይችላል፣ መልስ መጣም አልመጣም። አሁንም አሁንም ማስታወሻ እየላኩ "እስቲ አንድ እድል ልስጣቸው" የሚሉ ሰዎች የሚጎዱት በዚህ ነው።

ሰነድ ጠይቀውሽ ካልላክሽ ደግሞ ነገሩ ይለያል። የቅሬታው ጊዜ ሊያልቅ ይችላል፣ ቢሮውም ፋይልሽን ሊቀበል ይችላል፣ ግን ጉዳዩን ሲመረምር መዘግየቱ ካንቺ ነው ብሎ ሊፈርድብሽ ይችላል። ደረሰኝ ከሌለሽ ከሌለሽ ነው፣ "የለኝም፣ በምትኩ የባንክ ስቴትመንት፣ ከጉዳቱ በፊት የተነሱ የሳሎን ፎቶዎችና የእቃ ዝርዝር ልኬያለሁ" ብለሽ በጽሁፍ መልሺ። ዝም ማለት ብቻ አይሁን።

ቀኑን እንዴት እንደምትቆጥሪ ላሳይሽ። የ8 ሳምንቱ ደንብ ይመለከትሻል እንበልና ቅሬታሽ መስከረም 5 ደረሳቸው። 8 ሳምንት 56 ቀን ነው፣ ስለዚህ ህዳር 1 ላይ ይሞላል። ጥቅምት 10 ላይ ደውለው "እያየነው ነው ትንሽ ታገሺን" ቢሉሽ ቀኑ አይቀየርም፣ አንቺ ግን እሺ ከማለት ውጭ ያሉሽን በዛው ቀን በኢሜይል መልሰሽ ጻፊላቸው፣ "ዛሬ በስልክ እንዲህ ብላችሁኛል" ብለሽ። ጥቅምት 20 ላይ በጽሁፍ "አንከፍልም፣ ይሄ የመጨረሻ መልሳችን ነው" ካሉሽ ህዳርን መጠበቅ የለብሽም፣ በማግስቱ ማመልከት ትችያለሽ፣ ስድስት ወሩም ከዛ ደብዳቤ ቀን ነው የሚቆጠረው። ምንም ካላሉሽ ህዳር 2 ማመልከቻሽን አስገቢ። እዚህ መሃል አዲስ ቅሬታ አትክፈቺ። አዲስ ቁጥር ይሰጡሽና አሮጌው "ተፈቷል" ተብሎ ይዘጋል፣ ከዛ ቀኑ ከየት እንደሚቆጠር ሌላ ክርክር ነው።

ማመልከቻው ራሱ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ፎርሙን ትሞያለሽ፣ አንድ ገጽ የማይሞላ ታሪክ በቀን ቅደም ተከተል፣ የቅሬታው ደብዳቤና የደረሰበት ማስረጃ፣ ፖሊሲው፣ የእቃው ዝርዝርና ፎቶ፣ በመጨረሻ የምትፈልጊው ገንዘብ በቁጥር። "ፍትህ እፈልጋለሁ" ብሎ መጨረስ አይሰራም፣ ስንት እንደሆነና እንዴት እንደደረስሽበት ጻፊ። ስድቡንም ተይው፣ ንዴትሽ ይገባኛል ግን መርማሪው የሚፈልገው ቀንና ወረቀት ነው። ኦሪጅናል አትላኪ።

ሁለት ነገር ግን ጠበቃ ሳታማክሪ አታድርጊ። አንደኛው ይርጋ ነው፣ ማለትም ፍርድ ቤት ለመክሰስ ህጉ የሚሰጥሽ ጊዜ። አደራዳሪ ጋ ፋይል መክፈት በየቦታው የፍርድ ቤቱን ጊዜ አያቆምም፣ የሚያቆምበት አገር አለ፣ እንደ እንግሊዝ የማያቆምበትም አለ። የኢንሹራንስ ይርጋ አንዳንድ ቦታ ከምታስቢው ያጠረ ስለሆነ ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን ይዘሽ ባለሙያ ጠይቂ። ሁለተኛው ውሳኔ ሲመጣ ቶሎ "ተቀብያለሁ" ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ የቢሮውን የመጨረሻ ውሳኔ ካልተቀበልሽ ድርጅቱንም አንቺንም አያስርም፣ ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ፣ ከተቀበልሽ ግን ሁለታችሁንም ያስራል፣ በዛው ጉዳይ ለቀረብኝ ገንዘብ ልክሰስ ማለት አይቻልም። ድርጅቱ በመሃል ቼክ ልኮ "ይህን በመቀበልዎ ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ አልቋል" የሚል ወረቀት ካያያዘም እንደዛው፣ ሳትፈርሚ ለሰው አሳዪው።

በየትኛው አገር ህግ እንደምትተዳደሪ ስላልጻፍሽ ከዚህ በላይ እርግጠኛ ሆኜ አልነግርሽም፣ ይሄም የግል ምክር ቦታ አይተካም። ፖሊሲውንና እስካሁን የመጡልሽን ኢሜይሎች በሙሉ አትመሽ በቀናቸው ደርድሪና ባቅራቢያሽ ላለ ጠበቃ ወይም ለሸማቾች ማህበር ይዘሽ ሂጂ። የቅሬታ ደብዳቤውን ግን ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቂ፣ ነገ ጠዋት ላኪው።