ጥያቄና መልስ፦ ቀይና አረንጓዴ ለማይለይ ተጫዋች ፈጣን ጌም መስራት

አዌቱ፦ ጅማ ዛሬ ዝናቡ አላባራም፤ ቤት ነኝ። ስለ ቀለምና ስለ በተን ጠይቁኝ። ጌም ስለ መሸጥ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ።

ሄርማታ፦ ጋሼ፣ ጌሜ ቡና ጫካ ውስጥ የሚደረግ ፍልሚያ ነው። ጠላት ሊመታ ሲል አረንጓዴ ካበራ ትመክታለህ፣ ቀይ ካበራ ትሸሻለህ። አንድ ጓደኛዬ ሁሌ ቀዩን ሊመክት ሲል ይሞታል። ቀዩ #D32F2F፣ አረንጓዴው #388E3C ነው። የቱን ልቀይር?

ሁለቱንም። ግን መጀመሪያ ለምን እንደሚሞት እንይ። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው የቀለሙ ስም ሲምታታበት የሚተማመነው በድምቀት ነው። የአንተን ሁለት ቀለሞች ድምቀት አሰላሁት። ልዩነታቸው 1.2 ለ 1 ብቻ ነው። ለድረ ገጽ ምልክቶች የሚጠየቀው ዝቅተኛው 3 ለ 1 ነው። በዚያ ላይ ከጀርባ ያለው የቡና ቅጠልም አረንጓዴ ነው። ጓደኛህ የሚያየው አንድ ቡናማ ብልጭታ ነው።

አረንጓዴውን በቢጫ #F0E442፣ ቀዩን በሰማያዊ #0072B2 ተካ። የነዚህ ልዩነት 3.9 ለ 1 ገደማ ይመጣል። ግን ሰማያዊው በጨለማ ጫካ ላይ ይሰምጣል፤ ዙሪያውን ነጭ መስመር አድርግለት።

አሁን ዋናው ነገር። ቀለም ብቻውን አይበቃም፤ ቅርጽ ጨምር። የሚመከተው ምት ክብ ቀለበት ይሁን፣ የማይመከተው ሹል ኮከብ። ጠላቱም አቋሙን ይለውጥ፦ ለሚመከተው ዱላውን ወደ ጎን ይያዝ፣ ለማይመከተው ከራሱ በላይ ያንሳ። በፍልሚያ መሀል ዓይን ከቀለም ይልቅ የተነሳ ክንድ ቶሎ ይይዛል። ድምፅም ጨምር፣ ግን በድምፅ ብቻ አትመካ። ካፌ ቁጭ ብሎ ድምፁን አጥፍቶ የሚጫወተው ብዙ ነው።

ከዚያ ስልክህ ላይ `Developer options` ውስጥ ገብተህ `Simulate color space` የሚለውን `Monochromacy` ላይ አድርግና ተጫወት። ጌምህ በጥቁርና ነጭ ይታያል። በዚያ ሁኔታ ሁለቱን ምት መለየት ካልቻልክ ስራው አላለቀም። ይህን ዛሬ ደጋግሜ ነው የምለው።

ፈረንጅ አራዳ፦ ከለር ብላይንድ ሰው ዓለምን በጥቁርና ነጭ ነው የሚያየው። ታዲያ ቀለም መምረጡ ለምን ያስፈልጋል? ቅርጽ ይበቃል።

ቅርጽ ላይ ልክ ነህ። ሌላው ስህተት ነው። ምንም ቀለም የማያይ ሰው በጣም ጥቂት ነው። አብዛኞቹ የሚቸገሩት ቀይና አረንጓዴን በመለየት ነው፤ ሰማያዊና ቢጫን ደህና አድርገው ያያሉ። በወንዶች ላይ የሚበዛውም የሚተላለፈው በኤክስ ክሮሞዞም ስለሆነና ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ነው። የጥቁርና ነጩ ሙከራ ድምቀትን ለመፈተሽ እንጂ እነሱ የሚያዩትን ለማሳየት አይደለም።

ጅረን፦ እውነት ነው። ወንድሜ ቡና ሲለቅም የበሰለውን ከጥሬው በዓይኑ አይለይም። በጣቱ ጫን ያደርጋል፤ ለስለስ ካለ ይቀጥፈዋል። ቀዩ ለሱ ጥቁር ቢጤ ሆኖ ነው የሚታየው። ልጅ ሆኖ ሰነፍ ነው እየተባለ ስንት ጊዜ ተቆጥተነዋል።

ወንድምሽ ቀዩ የሚጠቁርባቸው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ሄርማታ፣ ይህን ልብ በል። ቀይ ጽሑፍ በጥቁር መደብ ላይ የምታስቀምጡ ሁሉ ለእንዲህ ያለ ሰው ጽሑፉን አጠፋችሁበት ማለት ነው። የተጫዋቹ ሕይወት ሲያልቅ የሚወጣው ቀይ ቁጥር ብዙ ጌም ላይ እንዲህ ነው።

መንደራ፦ መነጽር አለ ይባላል። እሱን ቢያደርጉ አይሻልም?

ስለ መነጽር የዓይን ሐኪም ጠይቅ። ጌሙ ግን ያለ መነጽርም መጫወት መቻል አለበት።

ቦሳ፦ እኔ የከለር ብላይንድ ፊልተር አስገብቻለሁ። ሴቲንግ ውስጥ ሲበራ መላው ስክሪን ይቀየራል። ጨረስኩ አይደል?

አልጨረስክም። ስታበራው ለአንተ ቀዩ ቡናማ ይሆናል? ከሆነ ያስገባኸው እነሱ የሚያዩትን የሚያስመስል ፊልተር ነው። ችግር ያለበትን ሰው መልሰህ ችግሩን አሳየኸው። ይህ ስህተት ተሰርተው ባለቁ ጌሞች ላይ ሳይቀር አጋጥሞኛል። ትክክለኛው የማረሚያ ፊልተር ቢሆንም ሰማዩንም፣ የሰው ፊትንም፣ ሁሉንም ይቀይራል። የጠላት፣ የወዳጅና የአደጋ ቀለም ብቻ ተጫዋቹ ራሱ እንዲመርጥ አድርግ። ሦስት ቀለም ነው፤ ቀላል ስራ ነው።

ኪቶ፦ ጋሼ፣ ምን ዓይነት ቀለም ጥሩ ነው?

ለምኑ? በምን መደብ ላይ? ከላይ ለሄርማታ የጻፍኩትን አንብብና ጌምህን በጥቁርና ነጭ አይተህ ተመለስ።

አጂፕ፦ የኔ ጥያቄ ስለ እጅ ነው። ግራ እጄ በአደጋ ተጎድቷል። ብዙ ጌም ላይ ለመመከት ሁለት በተን አንድ ላይ መያዝ ግድ ነው። አልችልም። የሚሰሩ ሰዎች ምን ማድረግ ይችላሉ?

ጥሩ አድርገሽ አነሳሽው። የምትሰሩ ሰዎች፣ መያዝ ያለበትን በተን አንዴ ሲነካ የሚበራ፣ ዳግም ሲነካ የሚጠፋ አማራጭ ስጡት። ቶሎ ቶሎ መታ መታ የሚደረገውም በመያዝ ይተካ። ስልክ ላይ ደግሞ በተኖቹን ተጫዋቹ ጎትቶ ወደፈለገው ጎን ያምጣቸው፤ መጠናቸውንም ያስተካክል። ከ9 ሚሊሜትር ያነሰ በተን በፍልሚያ መሀል ይሳታል። ሁሉም በአንድ እጅ እንዲደረስ ከፈለጋችሁ መሄጃውን አውቶማቲክ አድርጉና ለጣት መመከትንና መምታትን ተዉለት። አንድ እጃችሁን ከጀርባ አድርጋችሁ አንድ ደረጃ ጨርሱ። የት እንደሚያስቸግር ወዲያው ይታያችኋል።

ሄርማታ፦ ጋሼ፣ ቅርጹን አስገባሁ፣ ጓደኛዬ አሁን ይለያል። ግን አይደርስበትም። ፍጥነቱን 80 በመቶ አደረግሁለት፤ መመከቻው ጊዜ ግን ምንም አልረዘመም። ምልክቱ 12 ፍሬም ነው የሚቆየው።

ያዝኩህ። ፍሬም ነው የምትቆጥረው። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚያሳይ ስልክ 12 ፍሬም 200 ሚሊሰከንድ ነው። 120 በሚያሳይ ስልክ ግን 100 ብቻ ይሆናል፤ ሰው አይደርስበትም። ደከም ያለና 30 ላይ የሚንፏቀቅ ስልክ ላይ ደግሞ 400 ይሆናል። ጌምህ በየስልኩ ሌላ ጌም ነው። በጊዜ ቁጠር፦

```
var time_left = 0.2

func _ready():
    Engine.time_scale = 0.8

func _process(delta):
    time_left -= delta
```

ጌም መስሪያው ጎዶት ካለፈው ፍሬም ወዲህ ያለፈውን ጊዜ፣ `delta`ን፣ በፍጥነቱ ልክ ያሳንሰዋል፤ መመከቻው ያኔ ይረዝማል። ድምፁ ግን አብሮ አይዘገይም። የምቱ ድምፅ ከምልክቱ ከቀደመ ምክንያቱ ይሄ ነው። ደግሞ 200 ሚሊሰከንድ ራሱ አጭር ነው። አይቶ፣ የቱ እንደሆነ ለይቶ፣ ጣት አንቀሳቅሶ። ግማሽ ሰከንድ ስጠው፤ ለሚከብደውም ጊዜውን ማርዘሚያ ሴቲንግ ውስጥ አስቀምጥ።

ፈረንጅ አራዳ፦ እንዲህ ከሆነ ጌሙ ሞተ። ፈጣን ጌም ዋናው ደስታው ፍጥነቱ ነው።

ጅረን፦ ለማን ነው የሞተው? አንተ በ100 ፐርሰንት ተጫወት። ወንድሜ በ80 ቢጫወት ካንተ ምን ይጎድላል?

ፈረንጅ አራዳ፦ ለብቻው ሲጫወት ምንም አይጎድልም። ውጤቱ ከኔ ጋር አንድ ሰንጠረዥ ላይ ሲወጣስ?

ብቻውን ለሚጫወት ክርክሩ አያስፈልግም። በፈረንጆቹ 2018 የወጣው `Celeste` የተባለ ጌም ፍጥነቱን ተጫዋቹ ራሱ እንዲቀንስ ፈቅዷል፤ አልሞተም። ሰንጠረዡን በፍጥነቱ ልክ ለየብቻ ማድረግ ይቻላል። አንዳንዱ ሰው ግን መለየቱ ራሱ ያስቀይመዋል፤ እኔም እስካሁን በዚህ አልወሰንኩም።

ኪቶ፦ በጥቁርና ነጭ አየሁት ጋሼ። ጠላቴና ግድግዳው አንድ ሆኑ።

ጎበዝ፣ አሁን ጥያቄ አለህ። ግድግዳውን አጨልመውና ፎቶውን ላክልኝ።

ሄርማታ፦ ሁለት ሰው በኔትወርክ ሲጫወትስ? ለአንዱ ማዝገም አይቻልም።

አይቻልም። ምልክቱን ለሱ ብቻ ቀደም አድርጎ ማሳየት ሞክሬ ነበር። ኔትወርኩ ሲንገጫገጭ ምልክቱ ይወጣና ምቱ ይቀራል፤ ተጫዋቹ በባዶ ይመክታል። ከእናንተ የሞከረ ካለ እስቲ ይጻፍልኝ።