ጥሙ ከድሬ ሙቀት ነው ወይስ ከቫይታሚን ዲ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ለጉልበቷና ለወገቧ ሕመም ሐኪም ቫይታሚን ዲ ባለ 50,000 በሳምንት አንድ፣ ለ8 ሳምንት አዞላት ነበር። ተሻላት። ከዚያ ውጭ አገር ያለችው እህቴ ያንኑ ብዙ አድርጋ ላከችላትና በየቀኑ አንድ መዋጥ ጀመረች። ይኸው ሦስት ወር ሆናት። ሰሞኑን ጠጥታ የማትረካው ጥም ይዟታል። ሌሊት ለሽንት ደጋግማ ትነሳለች። ሆዷ ደርቋል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ምግብ አስጠልቷታል። ስኳር ተመርምራ የለባትም። ጎረቤቶቻችን «ሙቀቱ ነው» ይላሉ። ቫይታሚን ሲተርፍ በሽንት ይወጣል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ሊጎዳት ይችላል?

መልስ፦ አዎ፣ ይችላል። ክኒኑን ዛሬውኑ ያስቁሙ። እናትዎንም ዛሬውኑ የደም ካልሲየምና የኩላሊት ምርመራ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

በሽንት ይወጣል የተባለው ለቫይታሚን ሲና ለአብዛኞቹ የቢ ቫይታሚኖች ነው። እነዚያ በውሃ ይሟሟሉ። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ግን የሚሟሙት በስብ ነው። በተለይ ኤ ጉበት ውስጥ፣ ዲ ደግሞ የሰውነት ስብ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ኩላሊት የተረፈውን አጥቦ አያስወጣውም። በየቀኑ ሲጨመርበት ክምችቱ ያድጋል።

አሁን መጠኑን እናስላ። ለአዋቂ ሰው ያለ ሐኪም ክትትል በየቀኑ ሊወሰድ የሚችለው የቫይታሚን ዲ ጣሪያ 4,000 ዩኒት ነው። እናትዎ በቀን 50,000 ይወስዳሉ፤ ከጣሪያው 12 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሐኪሙ ያዘዘላቸው ለ8 ሳምንት በድምሩ 400,000 ዩኒት ነበር። በእነዚህ ሦስት ወራት የወሰዱት ግን ወደ 4.5 ሚሊዮን ይጠጋል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ትክክል ነበር። እጥረት ሲኖር ከፍተኛ መጠን ለአጭር ጊዜ፣ በሳምንት አንዴ ይሰጣል። ጉዳቱን ያመጣው የሳምንቱ ክኒን የየቀን መሆኑ ነው።

ቫይታሚን ዲ ሲበዛ የሚጎዳው በካልሲየም በኩል ነው። አንጀት ከምግብ ካልሲየም አብዝቶ እንዲስብ ያደርጋል፤ ከአጥንትም ያስለቅቃል። በደም ውስጥ ካልሲየም ከፍ ሲል ኩላሊት ውሃን መልሶ የመያዝ አቅሙ ይዳከማል። ስለዚህ ሽንት ይበዛል፤ ሰውነት ይደርቃል፤ ጥም ይመጣል። ሰውነት ሲደርቅ ደግሞ ካልሲየሙ ይብስ ይጨምራል። አንጀትም ስለሚሰንፍ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት ይከተላሉ። የዘረዘሩልኝ ምልክቶች ሁሉ በዚህ አንድ መንገድ ይገናኛሉ።

ጎረቤቶችዎ ሙቀቱን ቢጠረጥሩ አይገርምም። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ማንን አያስጠማም? ግን መለያው ሽንቱ ላይ ነው። በሙቀት የተጠማ ሰው ውሃው በላብ ስለሚያልቅበት ሽንቱ ትንሽና ጠቆር ያለ ይሆናል። እየተጠማ በብዛት፣ ነጣ ያለ ሽንት የሚሸና ሰው፣ ያውም ሌሊት ከእንቅልፉ እየተነሳ፣ ጥሙ የሙቀት አይደለም። በመጀመሪያ ስኳር ይታሰባል። ስኳር ከሌለ ካልሲየም መለካት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይሄኛው ነው።

ሆስፒታል ስትደርሱ የክኒኑን ዕቃና የግፊት መድኃኒቱን ይዛችሁ ግቡ። ዕቃው ላይ 50,000 የሚል ቁጥር ላታገኙ ትችላላችሁ። አንዳንዱ በማይክሮግራም ነው የሚጻፈው፤ አንድ ማይክሮግራም 40 ዩኒት ነው። 1,250 ማይክሮግራም የሚለው ትንሽ ቢመስልም ያው 50,000 ነው። የግፊት መድኃኒቱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ይህ መድኃኒት ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ስለሚይዝ ችግሩን ያባብሰዋል። በራሳችሁ አታቋርጡት፤ ለሚያያቸው ሐኪም ግን መጀመሪያ የምትናገሩት ይሁን። ለልብ ዲጎክሲን የሚወስዱ ከሆነም እንዲሁ፤ ካልሲየም ሲጨምር ዲጎክሲን የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል።

የሚያስፈልገው ምርመራ ካልሲየም፣ ክሬቲኒን፣ ፖታሲየምና የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ነው። የካልሲየም ጤናማ መጠን በዴሲሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከ12 ካለፈ በቁም ነገር ይታያል፤ 14 ከደረሰ ድንገተኛ ሕክምና ይፈልጋል። የቫይታሚን ዲ መጠንም ቢለካ ጥሩ ነው። መመረዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በሚሊሊትር ከ150 ናኖግራም በላይ ሲሆን ነው። ግን ውጤቱ እስኪመጣ ሕክምና አይዘገይም። ውሳኔው በካልሲየሙ ነው።

ከፍ ብሎ ከተገኘ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣቸዋል። እንደ ሁኔታው ፕሬድኒሶሎን ወይም ካልሲየም ከአጥንት እንዳይለቅ የሚያደርግ መርፌ ሊታከል ይችላል። እስከዚያ የካልሲየም ክኒንና ካልሲየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት አይውሰዱ። ወተትም፣ የግመሉን ጨምሮ፣ ለጊዜው ይቅር። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ከሌለባቸው ውሃ በደንብ ይጠጡ። ግራ መጋባት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የልብ ምት መዛባት ወይም የሽንት ማነስ ካዩ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ሌሊትም ቢሆን።

አንዲት ጎረቤት «ፀሐይም ቫይታሚን ዲ ነው፣ ቤት ይቀመጡ» ልትል ትችላለች። ፀሐይ እንዲህ አትመርዝም። ቆዳ በቂ ሲያመርት ትርፉን ራሱ ይሰባብረዋል። ያንን መቆጣጠሪያ ዘሎ የሚገባው ክኒን ነው።

እህትዎ በላኩት ካርቶን ውስጥ ሌላ ቫይታሚን ካለ አንድ በአንድ ይመልከቱ። አሳሳቢው ቫይታሚን ኤ ነው። ሬቲኖል በሚባለው መልኩ ለአዋቂ የቀን ጣሪያው 3,000 ማይክሮግራም ነው፤ ማለትም 10,000 ዩኒት። ለረጅም ጊዜ ሲያልፍ ራስ ምታት፣ የከንፈርና የቆዳ መድረቅ፣ የፀጉር መርገፍ፣ የአጥንት ሕመም፣ ከዚያም የጉበት ጉዳት ያመጣል። ቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊያበላሽ ስለሚችል ጭራሽ አትንካው። የካሮትና የጎመኑ ቤታ ካሮቲን እንዲህ አያደርግም። ሕፃናት በዘመቻ በየስድስት ወሩ የሚሰጣቸው ጠብታም አስቦ የተመጠነ ነው፤ ቤት ውስጥ አይደገምላቸው። ቫይታሚን ኢ ጣሪያው 1,000 ሚሊግራም ሲሆን ሲበዛ ደም ያፈስሳል፤ ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ከዚያ በታችም ያሰጋል። ለቫይታሚን ኬ ጣሪያ አልተወሰነለትም። ሆኖም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪሙ ምክር አይጀምረው፤ የመድኃኒቱን ሥራ ያዳክምበታል።

የእናትዎ ካልሲየም ወርዶ ቤት ከተመለሱ በኋላም ክትትሉ አያልቅም። ስብ ውስጥ የተከማቸው ቫይታሚን ዲ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ ካልሲየሙ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ሐኪማቸው እስኪያቆመው ድረስ በየጊዜው ይለካ። ጉልበታቸው እንደገና ቢያማቸው የቀረውን ክኒን አይክፈቱ። የጉልበት ሕመም በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ የመገጣጠሚያ መበላት ነው፤ ለእሱ የሚሆነውን መድኃኒትና እንቅስቃሴ ሐኪሙ ኩላሊታቸውን አይቶ ይመርጥላቸዋል።