ቀይ እስክሪብቶዬና የባቄላዋ ሥዕል

ልጄ፣ «ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎች እያዩ የሚስሉት ምን ልስጣቸው?» ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ አንዲት ተማሪዬ ከፊቴ አልጠፋ ብላለች።

ደሴ አጠገብ ሳስተምር ነው። ልጆቹ በብርጭቆ ባቄላ አብቅለው እንዲስሉ አዘዝኩ። እንዲቀላቸው ብዬ አስቀድሜ ራሴ ሰሌዳው ላይ ሣልኩት፤ ግንዱ ቀጥ ብሎ፣ የፍሬው ሁለት ክፋዮች ከአፈር በላይ እንደ ክንፍ ተዘርግተው። ሁሉም እኔን ገለበጡ። እሷ ብቻ ፍሬዋን እታች አስቀረቻት፤ ከፍሬዋ ሥር ወደ ታች ወርዷል፣ አንገቱን የደፋ ቡቃያ ወደ ላይ ወጥቷል። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩባት። «ጋሼ፣ የእኔዋ እኮ እታች ናት» አለችኝ። በጣቴ ሰሌዳውን አሳየኋት። ላጲስ ስላልነበራት ጣቷን በምራቋ አርሳ ስታሸው ወረቀቱ ተቀደደ።

ለካ እኔ የሣልኩት ቦሎቄ ነው! ቦሎቄ ሲበቅል ፍሬውን ተሸክሞ ይወጣል፤ ባቄላ ግን ፍሬውን አፈር ውስጥ ትቶ ቡቃያውን ብቻ ይልካል። የገበሬ ልጅ ሆኜ፣ የባቄላ ማሳ ስንት ዓመት አርሜ፣ ይህን አላየሁም። ልነግራት ስፈልግ ቤተሰቦቿ ወደ ኮምቦልቻ ሄደው ነበር።

ስለዚህ ሁለቱንም ስጫቸው። ከሰኞ ገበያ ጥቂት ባቄላና ቦሎቄ ገዝተሽ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊ። በሁለት ብርጭቆዎች ውስጥ ዙሪያውን እርጥብ ወረቀት አድርጊ፤ ፍሬዎቹን በወረቀቱና በብርጭቆው መካከል ሸጉጪ። ውኃው ከሥር ጣት የማይሞላ ይሁን። ፍሬው ውኃ ውስጥ ከተቀመጠ ይበሰብሳል፤ ሽታው ይነግርሻል። የደሴ ብርድ ያዘገየዋልና በሦስተኛው ቀን ምንም ባይታይ አትጣይው። አንድ ወረቀት አራት ቦታ አጥፈሽ ለውጥ በታየ ቁጥር አንዱ ክፍል ላይ ይሣሉ፤ ቀኑን አንቺ ጻፊላቸው። ማስመሪያ ለማይችሉት ክር ስጪ፤ በቡቃያው ቁመት ቆርጠው ወረቀቱ ላይ ይለጥፉት።

አንድ ጊዜ ሐይቅ ወስጃቸው ወፍ ሣሉ ብያቸው ነበር። ወፉ ከእርሳሱ ቀድሞ በረረ፤ የቀረን ጥሩ ሽርሽር ነው። ለትንሽ ልጅ የማይሮጥ ነገር ይሻላል።

የዛሬ መምህራን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ወይም የታተመ ሥዕል አባዝታችሁ «ቀለም ቀቡ» ትላላችሁ። ያ እጅ ያፍታታል እንጂ ዓይን አይከፍትም። ገና ባላበበው ቡቃያ ላይ አምስት ቅጠል ያላት አበባ የሣለ ልጅ ካየሽ ብርጭቆውን አላየም ማለት ነው። አትሰርዢበት፤ ብርጭቆውን አቅርበሽ «አበባዋ የቷ ላይ ናት?» በይው።

አንቺ አትሣዪላቸው እልሻለሁ። ባዶ ወረቀት ፊት ቁጭ ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ግን አይጠፋም፤ እኔም ለአንዱ ሥዬለታለሁ። ብርጭቆውን ብቻ ሣዪለት፤ ውስጡን ለእሱ ተይለት።