የሽንት አልቡሚንና ክሬያቲኒን ሬሾ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ደሴ)፦ አባቴ ስኳር ከያዛቸው 8 ዓመት ሆነ። የሽንት ስትሪፑ ፕሮቲን የለም ይላል፣ ሬሾው ግን 84 ወጣ። የቱን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ስትሪፑ ቀለም የሚቀይረው አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን በርከት ሲል ነው፤ ትንሹ ያመልጠዋል። ሬሾው፣ ማለትም አልቡሚኑ ከጡንቻ ለሚመጣው ቆሻሻ ለክሬያቲኒን ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ከ30 በታች ደህና ነው፣ ከ30 እስከ 300 መጨመሩን ያሳያል፣ ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ይህ ግን በሚሊግራም በግራም ሲጻፍ ነው። ወረቀቱ ሚሊግራም በሚሊሞል ካለ 84ቱ ወደ 740 ገደማ ይሆናል፤ እንግዲህ መጀመሪያ መለኪያውን እዩልኝ። ሽንት ከመስጠታቸው በፊት በነበረው ቀን ምን ሠሩ?

ጠያቂው፦ በግራም ነው የሚለው። በዋዜማው የጦሳን ተራራ ወጥተው ነበር።

መልስ፦ እንግዲያው ይደገም። ከባድ ጉዞ ለ24 ሰዓት ያህል አልቡሚኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የወር አበባ፣ በጣም የናረ ስኳር ወይም ግፊትም እንዲሁ። አረፍ ብለው ይደሩና የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ይስጡ፤ ጅማሬውን አፍስሰው መካከለኛውን ይቀበሉ። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ከሦስት ናሙና ሁለቱ ከ30 በላይ ከሆኑ ያኔ ችግሩ አለ እንላለን። እስከዚያ ግን አይታወቅም።

ከኮምቦልቻ፦ ውሃ በብዛት ጠጥተው ቢሄዱ ቁጥሩ ይወርዳል። እኔ እንዲያ ነው የማደርገው።

መልስ፦ አልቡሚኑ ብቻውን ቢለካ ልክ ነበሩ። ሬሾው የመጣው ግን ለዚሁ ነው። በአንድ ሊትር ሽንት 60 ሚሊግራም አልቡሚንና ግማሽ ግራም ክሬያቲኒን ካለ 60ን ለ0.5 እናካፍላለን፣ 120 ይመጣል። ውሃው ሽንቱን እጥፍ ቢያቀጥነው 30ን ለ0.25 ይሆናል፣ ያው 120 ነው። ይልቅ ጡንቻቸው የሳሳ አዛውንት ክሬያቲኒናቸው ትንሽ ስለሚሆን ሬሾው ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ሌላ ጠያቂ፦ የእኔ ክሬያቲኒን 0.9 ነው፣ ኩላሊቴ ደህና ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እሱ የደምዎ ነው፣ እዚህ የምናወራው ስለ ሽንት ነው። አልቡሚን በሽንት ማምለጥ የሚጀምረው የደሙ ክሬያቲኒን ከመነሳቱ ከዓመታት በፊት ሊሆን ይችላል። ስኳር ወይም ግፊት ካለብዎ ሁለቱንም በየዓመቱ ያሠሩ።

ከደሴ፦ ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት ክኒን ጀምሬያለሁ። ለምርመራው ላቁም?

መልስ፦ አያቁሙ። አልቡሚኑን ከሚቀንሱት መድኃኒቶች አንዱ ራሱ ነው፤ የምንፈልገውም በመድኃኒቱ ላይ ሆነው ስንት እንደደረሰ ማየት ነው። ከጀመሩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ የደም ክሬያቲኒንና ፖታሲየም ይታይ። ክሬያቲኒኑ እስከ 30 በመቶ ቢጨምር ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን አያስቆምም፤ ከዚያ ካለፈ ወይም ፖታሲየሙ ከፍ ካለ ቶሎ ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች ግን ይህን ክኒን መውሰድ የለባትም፤ ለሐኪሟ ነግራ ታስቀይር።