ሥልጠናው መቼ ያልቃል? በጠቅላላ ስንት ነው? ስጨርስስ ምን እሠራለሁ? የሥልጠና መግለጫ ለተመዝጋቢው እነዚህን መመለስ አለበት። ከዚህ በታች በጥቅስ ያለው የአንድ ሥልጠና ተቋም ጥያቄ ነው፤ መልሱ ከሥሩ ይከተላል።

«የምሽት የልብስ ስፌት ሥልጠና መግለጫችን ‹ሠልጣኞች ስለ ፓተርን አወጣጥ በቂ ግንዛቤ ያገኛሉ› ይላል። ሰዉ ግን እየደወለ ‹ስጨርስ ምን መሥራት እችላለሁ?› ይለናል።»

ደዋዮቹ ትክክል ናቸው፤ ግንዛቤ በዓይን አይታይም። «ይገነዘባሉ»፣ «ይተዋወቃሉ» የሚሉትን ቃላት አውጡና በመጨረሻው ቀን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ልብስ ጻፉ። ለምሳሌ፦ «ከሰው ላይ የወገብ፣ የዳሌና የቁመት ልክ ወስደው የጉርድ ፓተርን ያወጣሉ፤ ጨርቁን ቆርጠው፣ ዚፕ ገጥመው፣ ጠርዙን አጥፈው ገበር የሌለው ጉርድ ይጨርሳሉ።» ይህን ከሥርዓተ ትምህርቱ ሠንጠረዥ አትገልብጡት። ያለፈው ዙር ሠልጣኞች ያለ እገዛ በእጃቸው የጨረሱት ምን እንደሆነ አሠልጣኙን ጠይቁ።

የልብሱን ብዛት የሚወስነው ግን የስፌት መኪናው ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት፣ ለ8 ሳምንት ቢሰጥ 48 ሰዓት ይሆናል። ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ለማብራሪያ ከሄደ ለተግባር የሚቀረው 36 ነው። በአንድ መኪና ሁለት ሰው ከተቀመጠ ደግሞ አንድ ሠልጣኝ መኪናው ላይ የሚቀመጠው 18 ሰዓት ብቻ ነው። ጀማሪ በ18 ሰዓት ጉርድና ቀላል ሸሚዝ ሊጨርስ ይችላል፤ ሱሪና ኮት ግን አይደርስባቸውም። ስለዚህ «ሱሪና ኮት በዚህ ሥልጠና አይካተቱም» የሚል መስመር ጨምሩ። ኮት ፈልጎ የሚመጣው ሰው ገንዘቡን ሳይከፍል ቢያውቀው ይሻላል። አንድ መኪና ለስንት ሰው እንደሚደርስም አብራችሁ ጻፉ።

«‹ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከ12:00 እስከ 2:00፣ ለ2 ወር› ብለን ነበር። አንዳንዱ እኩለ ቀን ላይ መጣ፤ መጨረሻው ላይም ጭቅጭቅ ተነሳ።»

ሰዓቱን ባዶውን አትተዉት። የብዙ ሰው ስልክ የፈረንጅ ሰዓት ስለሚያሳይ 12:00 ሲባል ቀትር የሚመስለው አለ። «ከምሽቱ 12:00 እስከ 2:00፣ በስልክ ሰዓት ከ18:00 እስከ 20:00» ካላችሁ ያበቃል።

«2 ወር» ደግሞ የመጨረሻ ቀን የለውም። ካሌንደር ዘርግታችሁ ቁጠሩ። ሥልጠናው ማክሰኞ ታኅሣሥ 6 ቀን 2019 ቢጀምር 24ኛው ክፍለ ጊዜ ቅዳሜ ጥር 29 ላይ የሚውል ይመስላል። ነገር ግን ገና ሐሙስ ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ደግሞ ማክሰኞ ጥር 11 ይውላሉ፤ ሁለቱም በሥልጠና ቀናችሁ ላይ ናቸው። ማካካሻው ወደ ማክሰኞ የካቲት 2 እና ሐሙስ የካቲት 4 ይሄዳል። መግለጫው ላይ «ታኅሣሥ 6 ይጀምራል፣ የካቲት 4 ያልቃል፤ የገናና የጥምቀት ዕለት ትምህርት የለም፣ ማካካሻው የካቲት 2 እና 4 ነው» ብላችሁ ጻፉ። ከሥራ ፈቃድ የምትጠይቅና ልጆቿን ለጎረቤት የምትተው እናት ለቀጣሪዋና ለጎረቤቷ የምትነግረው ይህንኑ ቀን ነው።

ስንት ቀን መቅረት እንደሚቻልና ያመለጠው ትምህርት እንዴት እንደሚካካስም አብሮ ይግባ። አዋቂ ሰው ሥራና ቤተሰብ አለበት፤ አንድ ሁለት ቀን መቅረቱ አይቀርም።

«ዋጋውን ከጻፍን ሰው ይሸሻል ብለን ‹ለዋጋው ይደውሉ› እንላለን። ልክ ነን?»

አይደላችሁም። ደመወዙን ቆጥሮ የሚኖር ሰው ዋጋ ካላየ አቅሜ አይደለም ብሎ ሳይደውል ያልፋል። የደወለውም 6,000 ብር ሰምቶ ከተመዘገበ በኋላ ጨርቅና መቀስ ግዛ ሲባል ተታለልኩ ይላል። መግለጫው ሠልጣኙ እስከ መጨረሻው ከኪሱ የሚያወጣውን ሁሉ መያዝ አለበት። የምሳሌ ቁጥር ልውሰድ፦ ሥልጠና 6,000፣ ምዝገባ 300፣ ጨርቅና ዚፕ 1,400፣ መቀስ፣ ሜትርና ማስመሪያ 900፤ ጠቅላላ 8,600 ብር። ድምሩን በቅድሚያ፣ ዝርዝሩን ከሥሩ አድርጉ።

ቀጥሎ ገንዘቡ መቼ እንደሚወጣ ይገለጽ፦ በምዝገባ ቀን 3,300፣ በ5ኛው ሳምንት መጀመሪያ 3,000፤ የቀረውን 2,300 ሠልጣኙ ራሱ እስከ 2ኛው ሳምንት ዕቃ ይገዛበታል። መቀስ ያለው ሰው ድጋሚ እንዳይገዛ የሚፈለገውን ዓይነት ጥቀሱ። ያቋረጠ ሰው ምን ያህል እንደሚመለስለትና እስከ ስንተኛው ቀን መጠየቅ እንደሚችልም እዚያው ይጻፍ፤ በኋላ ቢሮ ውስጥ በቃል የሚነገር ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ መልስ ይሰጣል።

«‹ሰርተፍኬት ይሰጣል› ማለት ይበቃል?»

የማን ሰርተፍኬት እንደሆነ ካልተገለጸ አይበቃም። ብዙ ሰው ሲኦሲ፣ ማለትም የብቃት ምዘና ሰርተፍኬት፣ ይመስለዋል። የእናንተው የማጠናቀቂያ ወረቀት ከሆነ «የተቋሙ የማጠናቀቂያ ሰርተፍኬት፤ የብቃት ምዘና ሰርተፍኬት አይደለም» በሉ። ሠልጣኙ ለምዘና የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ ለየትኛው ሙያና ደረጃ እንደሆነ፣ የምዘናውን ክፍያ ማን እንደሚችለውና በ8,600ው ውስጥ መግባት አለመግባቱን ጻፉ።