የተዳቀለች ላም ከወለደች በኋላ የምትፈልገው መኖ

«ሁለት የአገር ላሞች አሉኝ፤ በፍሪዥያን ዘር ላስዳቅላቸው ነው። የሚወለዱት ጊደሮች እንደ እናቶቻቸው በጭድና በግጦሽ ብቻ ይኖራሉ?»

ጊደርነታቸውን ዘግይተውም ቢሆን ያልፉታል፤ ችግሩ ግልጽ ሆኖ የሚታየው ከወለዱ በኋላ ነው። ሰላሌ ውስጥ ያሳደግኋት የመጀመሪያዋ ዲቃላዬ እናቷ ከ2 ሊትር የማትበልጥ ላም ስትሆን፣ እርሷ ግን በወለደች በሁለተኛው ሳምንት በጠዋትና በማታ አለባ 9 ሊትር ትሰጥ ነበር። እኔም በወተቱ ተደስቼ የገብስ ጭድና በአለባ ጊዜ አንድ ጣሳ ፉርሽካ ብቻ እሰጣት ነበር። በሦስተኛው ወር ወተቷ ወደ 4 ሊትር ወረደ፣ የጎድኗና የዳሌዋ አጥንት ወጣ፣ ስምንት ወር ሙሉም ኮርማ አልፈለገችም። መካን መስላኝ ልሸጣት ስል የመረመራት አዳቃይ ባለሙያ «ማሕፀኗ ጤነኛ ነው፤ የራባት ናት» አለኝ።

የአገር ላም መኖ ሲያንሳት ወተቷን ቀንሳ ሰውነቷን ታድናለች፤ ዲቃላዋ ግን መጀመሪያ የገዛ ሥጋዋን አሟጣ ወተት ትሰጣለች፣ እርግዝናም የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን የምከተለው መንገድ በአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ያህል ድጋፍ መኖ መስጠት ነው። 10 ሊትር ለምትታለብ ላም በቀን 5 ኪሎ፣ ሁለት እጁ ፉርሽካ፣ አንድ እጁ የኑግ ፋጉሎ፣ ጥቂት ጨው ተጨምሮበት፣ ለሁለቱ አለባ ተከፍሎ ይሰጣል። መጠኑን በአንድ ጊዜ ካሳደጉት ሆዷ ይነፋል፤ ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ያሳድጉት። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ድርቆሽ ሳይጓደል ሲቀርብ ነው። ያለዎት ጭድ ብቻ ከሆነ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ አሟሙተው 100 ኪሎ ጭድ ላይ እየረጩ፣ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልለው ሦስት ሳምንት ያቆዩት፤ ሲያወጡት ሽታው እስኪቀንስ ያናፍሱት፣ ለትናንሽ ጥጆች ግን አይስጡ። ውኃም በቀን አንዴ ወንዝ መውሰድ አይበቃም፤ የምትታለብ ዲቃላ 60 ሊትርና ከዚያ በላይ ትጠጣለች።

ስለ ዘሩም አንድ ነገር ልጨምር። ግማሽ ደም ያላትን ጊደር መልሰው በንጹሕ ፍሪዥያን ካስዳቀሉ ልጇ ሦስት አራተኛ ደም ይኖራታል፤ መኖዋም፣ ለሙቀትና ለበሽታ ያላት ተጋላጭነትም በዚያው ልክ ይጨምራል። የጎረቤቴ ሦስት አራተኛ ላም ከእኔዋ ግማሽ ደም ላም ያነሰ ወተት የሰጠችው መኖው አንድ ዓይነት ስለነበር ነው።

እንደ እኔ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አያስዳቅሉ። ከዚህ በፊት የወለደችውንና አካሏ ትልቅ የሆነውን አንዷን ይምረጡ፤ ትንሿን ላም የግድ ካሉ ጥጃው ተለቅ ብሎ በምጥ እንዳይቸግራት ጀርሲ ይሻላታል። ለጊደሯም ከመውለዷ በፊት ባሉት ሁለት ወራት ድጋፍ መኖውን ያስጀምሯት፤ እኔ ያጠፋሁት አንዱ ነገር ያንን ጊዜ ማሳለፌ ነበር።