ለቅዳሜው የኮድ ጥናት ጓደኞቻችሁን ስትጠሩ

ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ፕሮግራሚንግ ለምትማሩ ልጆቼ፣

«እንገናኝና አብረን እናጥና» ለሚል መልእክት ሁሉም እሺ ይላል። ቅዳሜ ሲደርስ ግን አንዱ ገበያ ነው፣ ሌላው ዘመድ ጋ ሄዷል። ቀኑ፣ ሰዓቱና የሚሠራው ሥራ አልተነገራቸውምና አልፈርድባቸውም። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፍላቸዋለሁ፦

«ሰላም ጓዶች። ፓይተን የምንማር አራት አምስት ልጆች በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ደሴ እኛ ቤት ብንገናኝስ? ኮምቦልቻ ለምትመለሱ እንዳይመሽ በሰዓቱ እንጀምራለን። በሳምንት አንድ መልመጃ ብቻ ነው። ሁላችንም ያንኑ ለየብቻ ሠርተን ሐሙስ ማታ ፋይሉን በቴሌግራም እንላላካለን። እያንዳንዳችን የአንድ ሰው ኮድ አንብበንና አስኪደን እንመጣለን። የመጀመሪያው መልመጃ፦ ዓመትና ወር ሲሰጠው ወሩ በእኛ አቆጣጠር ስንት ቀን እንዳለው የሚመልስ ፈንክሽን። አራት ሳምንት እንሞክረው። የምትመጡ እስከ ማክሰኞ አሳውቁኝ።»

አምስት ሰው ይበቃል። ለእያንዳንዱ ኮድ 20 ደቂቃ ብትሰጡት ሁለቱ ሰዓት ሊያልቅ 20 ደቂቃ ብቻ ይቀረዋል። የሚላከው ደግሞ ራሱ የ`.py` ፋይሉ ይሁን። በፎቶ የመጣን ኮድ ማንበብ እንጂ ማስኬድ አይቻልም፤ ሳያስኬዱ የሚሰጥ አስተያየት ደግሞ ብዙ ጊዜ «አሪፍ ነው» ከማለት አያልፍም።

አሁን ከአምስታችሁ አንዱ ይህን ላከ እንበል፦

```python
def days_in_month(year, month):
    if month < 13:
        return 30
    if year % 4 == 0:
        return 6
    return 5
```

ጸሐፊው የ2014ን እና የ2017ን ጳጉሜ ሞክሮ ሁለቱም ጊዜ 5 አገኘ። ትክክል ነው፤ በሁለቱም ዓመት ጳጉሜ 5 ቀን ነበረች። ስለዚህ ደስ ብሎት ላከው። አንባቢው ግን ጸሐፊው ያልሞከረውን መሞከር አለበት። 2015ን ሲሰጠው አሁንም 5 ይመልሳል። ጳጉሜ 2015 ግን 6 ቀን ነበረች። 2016ን ሲሰጠው ደግሞ 6 ይላል፤ እሷ 5 ቀን ብቻ ነበረች። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ያስታውቃል፦ ለአራት ሲካፈል ቀሪ የሌለውን ዓመት መፈለግ የፈረንጆቹ ሕግ ነው። በእኛ ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው ቀሪው 3 ሲሆን፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ ነው። መስመሩ `year % 4 == 3` መሆን ነበረበት።

አንባቢው ይህን ሲያገኝ ኮዱን አርሞ መላክ የለበትም። «2015ን ሰጥቼው 5 መለሰልኝ፣ የቀን መቁጠሪያው ግን 6 ይላል» ብሎ ይጻፍለት። በዚህ አባባል ማንም ቅር አይሰኝም፤ ጸሐፊውም አስኪዶ ያየዋል፣ የት ላይ እንደሆነ ይፈልጋል፣ ራሱ ያርመዋል። «ኮድህ አይሠራም» ከተባለ ግን ወይ ይከራከራል፣ ወይ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀራል።

ሁለተኛ ጥያቄም አለ። ወሩን 14 ብንለውስ? ይህ ፈንክሽን አሥራ አራተኛ ወር እንዳለ ሁሉ እንደ ዓመቱ 5 ወይም 6 ይመልሳል። ወሩን 0 ብንለው ደግሞ 30 ይላል። ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ከሚመልስ ቆሞ ቢጮህ ይሻላል፤ ይህን ፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ አስገቡ፦

```python
if month < 1 or month > 13:
    raise ValueError("month must be 1-13")
```

ቅዳሜ ስትገናኙ ኮዱን መስመር በመስመር የሚያስረዳው አንባቢው ይሁን። ጸሐፊው በዚያ ጊዜ ዝም ብሎ ያዳምጥ፤ ይከብዳል፣ ግን ልመዱት። አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ወይ ስሙ ግልጽ አይደለም፣ ወይ ሐሳቡ ተወሳስቧል። እኔ ለብዙ ዓመት ከሥራ ባልደረቦቼ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። መብራት ቢጠፋ እንኳ ይህ ክፍል አይቆምም፤ ላፕቶፑን አስቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ፣ ከስልክ ላይም ማንበብ ይቻላል።

አንድ የሚያሰጋኝ ነገር ግን አለ። አምስታችሁም ጀማሪ ስለሆናችሁ አምስታችሁም ያንኑ የፈረንጆች ሕግ ልትጽፉ ትችላላችሁ። ያኔ የሁላችሁም መልስ አንድ ይሆንና ትክክል ይመስላችኋል። ስለዚህ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት፣ መልመጃው በተሰጠ ቀን፣ አራት አምስት ጥያቄ ከነመልሳቸው ወረቀት ላይ አስፍሩ። መልሱ ከኮዱ ውጭ ይምጣ፦ ግድግዳ ላይ ካለ የቀን መቁጠሪያ፣ ወይም ዘመኑን ቆጥረው ከሚያውቁ አባት። 2015፣ 2016፣ ወር 1፣ ወር 13 እና ወር 14 ለዚህኛው ይበቃሉ። ሐሙስ ማታ ፋይሉ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ እነዚህን አስኪዱ፣ ከዚያ የራሳችሁን ጨምሩ።